ልብ ወለድ ላይ አስተያየት ፈልጌ፦ ሻይ ቤት ውስጥ በሚኒባስ ስም የሚከራከሩ ሁለት ጓደኛሞች

ብዕረ መንገድ

አጭር ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ዘመኑ 1995 ዓ.ም.፣ ቦታው አዲሱ ገበያ ታክሲ ተራ አጠገብ ያለች የእትዬ ዘነበች ሻይ ቤት። ሽፈራውና በላይ አብሮ አደግ ናቸው። ያገለገለ ቶዮታ ሚኒባስ በ120,000 ብር ገዝተዋል፤ በላይ 70,000፣ ሽፈራው 50,000 አዋጥተው። የሚነዳው ሽፈራው ነው፤ በግዢው ቀን በላይ ክፍለ ሀገር ስለነበር ሊብሬውም በሽፈራው ስም ወጥቷል። በመካከላቸው የተጻፈ ውል የለም። ዋናውን ትዕይንት ልለጥፈው፦

«ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር። ሽፈራውና በላይ ሻያቸውን ፉት እያሉ ተቀምጠዋል።
— ውድ ጓደኛዬ ሽፈራው፣ ድርጅታችን ‹ወንድማማቾች ትራንስፖርት› መባል አለበት፤ አለ በላይ።
— አይሆንም፣ የምነዳው እኔ ስለሆንኩ ‹ሽፈራው ትራንስፖርት› ይባላል፤ መለሰ ሽፈራው።
ክርክሩ ጦፈ። ባለፈው ወር ሞተሩ ተቃጥሎ ስለነበር ሁለቱም ተበሳጭተዋል። በመጨረሻ እትዬ ዘነበች ሳቅ ብላ፣ በእኔ ስም ጥሩታ! አለቻቸው። ሁለቱም ሳቁ። ‹ዘነበች ትራንስፖርት› ብለው ተጨባበጡ።»

ያነበቡልኝ ሰዎች ሁሉ «ስም ነው እኮ፣ ምን ያጣላቸዋል?» ይሉኛል። ጠቡ ለምን እንደማይሞቅ ንገሩኝ። የሙያ ስህተትም ካለ አትለፉኝ።

ተራ ጠባቂ

ከሰዓቱ ልጀምር። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሻይ ቤት የተቀመጠ የታክሲ ሹፌር የለም። ያ ሰዓት ሠራተኛውና ተማሪው ተሰልፎ መኪና የሚጠብቅበት ነው። መኪናው ገና ሳይቆም ይሞላል፤ ሹፌሩ ከመሪው አይወርድም፤ ሻይ ካማረውም ረዳቱ በመስኮት ያቀብለዋል። ሹፌሮች ሻይ ቤት የሚገቡት ከአራት ሰዓት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሰው ሳይሆን መኪና ይሰለፋል።

ይህ ለታሪክህ ትልቅ ነገር ይሰጥሃል። ሽፈራው የተቀመጠው ተራ እየጠበቀ ከሆነ ጊዜው የተቆረጠ ነው። ከፊቱ ስድስት መኪና አለ እንበል። እያንዳንዱ 12 ሰው እስኪሞላ ይቆማል፤ ከዚያ ተራ አስከባሪው ይሸኘዋል፣ ቀጣዩ ይጠጋል። ረዳቱ በየጊዜው ብቅ እያለ «አራት ቀረን»፣ «ሁለት ቀረን» ይላል። ተራው ደርሶ ሹፌሩ ከሌለ የኋላው ያልፈዋል፤ እሱም እንደገና ከጭራ ይሰለፋል። ያንተ ገጸ ባሕርያት ቀኑን ሙሉ መከራከር ይችላሉ፤ ለዚህ ነው የማይሞቀው። ክርክሩን በቀሩት መኪኖች ቁጥር ብትለካው ሽፈራው አንድ ቦታ ላይ በጠቡና በተራው መካከል መምረጥ ይኖርበታል።

ቀጥታ መስመር

የስሙ ነገር ቀላል ነው። ሊብሬው ላይ ያለው የሽፈራው ስም ነው፣ ስለዚህ መኪናው የሽፈራው ነው። በላይ ብሩን አበደረው እንጂ ባለቤት አይደለም። ‹ወንድማማቾች› ብሎ መከራከር አይችልም፤ ታሪኩ እዚያው ያልቃል።

የውል ሰው

ቀጥታ መስመር፣ ግማሹን ብለኸዋል። ለውጭ ሰው ሊብሬው ትልቅ ነገር ነው። ሽፈራው ነገ ተነስቶ መኪናውን ቢሸጥ ገዢው የሚያየው ሊብሬውን ነው፤ የበላይ ፍርሃትም ከዚህ ይጀምራል። በሁለቱ መካከል ግን ሊብሬው ክርክሩን አይዘጋውም። በላይ 70,000 ብር ያዋጣው ለመኪናው ግዢ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ወይም የሰማ ያየ ምስክር ካለው የጋራ ባለቤት ነኝ ማለት ይችላል። እዚህ ላይ ለደራሲው የሚጠቅም ነገር አለ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ የጋራ ባለቤቶች ድርሻ ተለይቶ ካልታወቀ እኩል ነው ተብሎ ይገመታል። በላይ ‹ወንድማማቾች› ሲል ፍቅር የገለጸ ይመስለዋል፤ ግን ወንድማማቾች እኩል ናቸው። በገዛ አንደበቱ 70ውን ወደ 60 እያወረደ ነው።

ስለ ስሙ ራሱ ደግሞ። በ1995 ሥራ ላይ የነበረው የ1952ቱ የንግድ ሕግ ነው፤ አሁን ያለው አዋጅ ቁጥር 1243 የወጣው በ2013 ነው። በአሮጌው ሕግ ሁለቱ የኅብረት ሽርክና ማኅበር ቢያቋቁሙ ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ የማኅበሩም ስም ቢያንስ የሁለት ሸሪኮችን ስም ይዞ «የኅብረት ሽርክና ማኅበር» የሚለውን ያስከትላል። ስለዚህ ‹ሽፈራው ትራንስፖርት›ም ‹ዘነበች ትራንስፖርት›ም ብቻቸውን ለማኅበር ስምነት አይበቁም። የመጨረሻው መጨባበጥህ መዝገብ ቤት ሲደርስ ይፈርሳል።

አሁን ያሉበት ሁኔታ ግን ሌላ ነው። ውል አልጻፉም፣ አላስመዘገቡም፣ ለውጭ ሰው አልገለጡም። ይህን ሕጉ የእሽሙር ማኅበር ይለዋል። ጽሑፍም ምዝገባም አያስፈልገውም፤ የራሱ ሕጋዊ ሰውነትም የለውም። ይኸው ሕግ ታዲያ አንድ ነገር ይጨምራል፦ የእሽሙር ማኅበር ለሌሎች ሰዎች ከተገለጠ፣ በእነሱ በኩል እንደ እውነተኛ የሽርክና ማኅበር ይቆጠራል። ሁለቱ ሰዎች የሚኒባሱ የኋላ መስታወት ላይ «ሽፈራውና በላይ» ብለው ቢያስጽፉ የሚያደርጉት ይህን ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ባለገንዘብ የሚያውቀው ሽፈራውን ብቻ ነበር። ቀለሙ ሲደርቅ በላይም ይጠየቃል።

ሊብሬ ፈላጊ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔም ከአማቼ ጋር ባጃጅ ገዝቼ በእሱ ስም ነው ያለው። ስሙን ወደ እኔ ለማዛወር ምን ምን ይዤ ልሂድ? የንግድ ስም ማስመዝገብም ግዴታ ነው?

የውል ሰው

ይህ ክር ስለ ልብ ወለድ ነው፤ ባጭሩ ግን ልንገርህ። ሁለታችሁም መታወቂያና ሊብሬውን ይዛችሁ ሰነዶች ማረጋገጫ ትሄዳላችሁ፤ የሽያጭ ወይም የስጦታ ውሉን እዚያ ትፈራረማላችሁ፤ ከዚያ የተረጋገጠውን ውል ይዘህ ፋይሉ ያለበት መንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ትሄዳለህ። ቦሎው ያለፈበት ከሆነ ቀድመህ ጨርስ። የንግድ ስም ሌላ መሥሪያ ቤት፣ ሌላ ጉዳይ ነው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ብዕረ መንገድ፣ ግን ይህን ጥያቄ ልብ በለው። «ስም» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለቱንም ይይዛል። «መኪናው በማን ስም ነው?» ስንል ባለቤቱን ነው የምንጠይቀው። «ስም ማዛወር» ስንልም ንብረት ማዛወር ማለታችን ነው። በላይ «ስሙን እናስተካክል» ቢል ሽፈራው የሚሰማው የትኛውን ነው? አንዱ ስለ መስታወቱ ሲያወራ ሌላው ስለ ሊብሬው ሊሰማ ይችላል፤ አንባቢም እስከ ትዕይንቱ አጋማሽ ላይለየው ይችላል።

ቴስታታ

«ሞተሩ ተቃጠለ» የሚለውን አውጣው። በጋራዥ ቋንቋ ምንም አልነገርከንም። ምኑ ነው የተቃጠለው? ለታሪክህ የሚስማማው የጓርኒሲዮኑ፣ ማለትም በሞተሩና በላይኛው ክዳኑ በቴስታታው መካከል ያለው ማሸጊያ፣ መቃጠል ነው፤ ምክንያቱም ሹፌሩ ቀድሞ ሊያውቀው የሚችል ብልሽት ነው። ምልክቱ ቀስ እያለ ይመጣል። ከሥር የሚንጠባጠብ ነገር ሳይኖር በየጠዋቱ የራዲያተሩ ውሃ ጎድሎ ይገኛል። ዳገት ላይ ሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ ይወጣል፤ ከፒያሳ ወደ አዲሱ ገበያ መውጣት ለዚህ በቂ ነው። ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ይወጣል። ውሃው ከዘይት ከተቀላቀለ ደግሞ የዘይቱ ክዳን ሲከፈት ከውስጡ ወተት የበዛበት ማኪያቶ የመሰለ ነገር ተለጥፎ ይታያል።

በዚያ ደረጃ ላይ ቢቆም ቴስታታው ወርዶ፣ ተላጭቶ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን ገብቶ ይነሳል። ውሃ እየጨመረ መንዳቱን ከቀጠለ ግን ቴስታታው ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል፤ ያኔ ወጪው ሌላ ነው። ይህን ጥያቄ በላይ አፍ ውስጥ አድርገው፦ «ውሃ መጨመር የጀመርከው መቼ ነው?» ሽፈራው «አንድ ሳምንት» ካለና ረዳቱ ባለማወቅ «ከጥምቀት ጀምሮ እኮ ነው» ካለ ጠቡ ራሱን ችሎ ይሄዳል። ቀን ገቢ እንዳይቋረጥ ብሎ ነው የነዳው፤ ጥፋቱ ከስንፍና አይደለም። ለዚህ ነው የሚያሳዝነው።

ተራ ጠባቂ

ገቢውን ቴስታታ ካነሳው ልጨርሰው። በተለመደው አሠራር ሹፌሩ ለባለቤቱ በቀን የተቆረጠ ገቢ ያስገባል። ናፍጣውንና የረዳቱን አበል ከሸፈነ በኋላ የተረፈው የሹፌሩ ነው። ሽፈራው ግን ሹፌርም ባለቤትም ነው። ገቢው ለታሪኩ 150 ብር ይሁን፤ በወር 26 ቀን ቢሠራ 3,900 ይመጣል። ለዘይት፣ ለፍሬን ሸራና ለጎማ 900 ይቀመጥ፤ 3,000 ይቀራል። እኩል ከተካፈሉ 1,500፣ 1,500 ነው። በመዋጮው ልክ ከሆነ በላይ 1,750፣ ሽፈራው 1,250 ያገኛል። ልዩነቱ በወር 250 ብር፣ በዓመት 3,000 ብር ነው።

ማንም ይህን ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ አያሰላም፤ ሁለቱም ግን በልባቸው ያውቁታል። በላይ ስለ ስም ሲናገር ስለዚህ 250 ብር ነው የሚናገረው። ሽፈራው ደግሞ ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት መሪ ላይ መዋሉ የት እንደሚቆጠር ነው የሚያስበው። በላይ «ትርፉ ለአንተ ይቀር የለም ወይ?» ሊለው ይችላል። እሱም እውነት ነው። ሁለቱም ትክክል የሆኑበት ክርክር ነው የሚያስፈልግህ።

አንባቢት

ስለ አነጋገራቸው። አብሮ አደግ ሰው «ውድ ጓደኛዬ ሽፈራው» አይልም። ‹ሽፌ› ይለዋል፣ ወይም ምንም ሳይጠራው «ስማ እንጂ» ብሎ ይገባል። አማርኛ ለጠብ የራሱ መሣሪያ አለው፤ እሱን አልተጠቀምክበትም። ሽፈራው ሲናደድ ድምፁን ከፍ አያድርግ፤ «አቶ በላይ» ይበለው። ወደ «እርስዎ» ከተሻገረ ደግሞ ከስድብ የባሰ ነው። ሠላሳ ዓመት ‹አንተ› ሲባባሉ የኖሩ ሰዎች መካከል አንድ ‹እርስዎ› ሲገባ እትዬ ዘነበች ከምድጃዋ ቀና ትላለች። በሌላ በኩል እሷ ሁለቱን ‹ጋሼ› ነው የምትላቸው ወይስ ‹አንተ›? ዕድሜዋን አልነገርከንም። እትዬ ከተባለች ትበልጣቸዋለች፤ ስለዚህ ‹አንተ› ትበላቸው፣ ልትገሥጻቸውም መብት አላት። ግን አታስታርቃቸው። በልብ ወለዳችን ውስጥ ሻይ የምትሸጥ ሴት ሁሉ አስታራቂ መሆኗ ሰልችቶኛል። እሷ የምትሸጠው ሻይ ነው፤ ወንበሩንም ትፈልገዋለች።

ቀጥታ መስመር

እሺ፣ የሊብሬውን ተቀብያለሁ። ግን ‹እሽሙር› ምናምን የሚለውን ሹፌር አያውቅም። ታሪኩ ውስጥ ከገባ የፍርድ ቤት ወረቀት ይሆናል።

የውል ሰው

ልክ ነህ፤ ቃሉ መግባት የለበትም። ውጤቱ ግን ሕግ በማያውቅ ሰው በኩል ይገባል። ባለ ጋራዡ ይምጣ። የቴስታታው ሥራ ቀሪ ዕዳ አለበት፤ እስከዛሬ የሚያውቀው ሽፈራውን ነው። አዲስ የተጻፈውን መስታወት አንብቦ «በላይ የሚባለው ማነው?» ቢል ይበቃል።

ብዕረ መንገድ

ብዙ ሰጣችሁኝ። ስሙን ለምን መስታወት ላይ እንዳነሱት ምክንያት አበጅቻለሁ፤ ጸሐፊው በፊደል 5 ብር ይጠይቃል። እንደገና የጻፍኩት ይኸው፦

«— ስድስት አለ ከፊታችን፤ አለ ረዳቱ በበሩ አንገቱን አስግጎ። ወጣ።
ሽፈራው ብርጭቆውን ከበላይ ፊት ወዳለው ቦንቦሊኖ አስጠጋ። — ጸሐፊው ቀለሙን በጥብጦ እየጠበቀ ነው። ‹ሽፈራውና በላይ›፤ ስምንት ፊደል፣ አርባ ብር።
— ‹በላይና ሽፈራው›ም ስምንት ነው፤ አለ በላይ።
— ዋጋው አንድ ከሆነ ምን አስጨነቀህ?
— አንተን ምን አስጨነቀህ?
እትዬ ዘነበች ማንቆርቆሪያውን አነሳች። ቅርንፉዱ ሸተተ። — ልድገማችሁ ወይስ ትነሳላችሁ?
— አንድ ድገሚን። ስማ ሽፌ፣ ስሙን እናስተካክለው ነው የምልህ።
የሽፈራው እጅ ወደ ደረት ኪሱ ሄደ፤ ሊብሬው ያለበት ኪስ ነው። — የቱን ስም?
በላይ ዝም አለ።
— አራት ቀረን! አለ ረዳቱ። ጋሽ ሽፌ፣ ውሃ ልጨምርበት እንዴ እንደ ድሮው?
— እንደ የቱ ድሮ? አለ በላይ።
— ቴስታታው ሳይወርድ በፊት ነዋ። ከጥምቀት ጀምሮ በየጠዋቱ አንድ ጀሪካን …
ሽፈራው ልጁን አየው። ልጁ በሩን ለቀቀ።
— አንድ ሳምንት ነበር ያልከኝ።
— ባቆመው ገቢውን ማን ሊያመጣልህ ነበር? አንተ? ከሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ የምነሳው እኔ ነኝ አቶ በላይ።
እትዬ ዘነበች ከምድጃው ቀና አለች።
— አቶ? አለ በላይ።
— እርስዎ ሰባ ሺህ ብር አውጥተዋል። ስምዎ ይቅደም። ይጻፍ!
ወጥቶ ሄደ። ሁለት መኪና ቀርቶታል። ጸሐፊው ከኋላ ተንበርክኮ የመጀመሪያውን ፊደል ሲጀምር በላይ ከሻይ ቤቱ ደጃፍ ያየዋል። ‹በ› … ‹ላ› …
ባለ ጋራዡ የቆሸሸ ቱታውን እንደለበሰ ከመንገዱ ማዶ መጣ። መኪናውን ዞሮ አየው፣ መስታወቱ ላይ ቆመ፣ እስኪደርቅ እንኳ አልጠበቀም።
— ‹በላይ› ማነው? አለ።
ተራ አስከባሪው የመኪናውን ጎን መታ። ሽፈራው ሞተሩን አስነሳ።»

አንባቢት

ይህ ሌላ ታሪክ ነው። ‹እርስዎ ሰባ ሺህ ብር አውጥተዋል› ላይ ቆሜ ደግሜ አነበብኩት። አንድ ነገር፦ ቦንቦሊኖውን ማን በላው? መጀመሪያ ላይ ካነሳኸው ወይ ይበላ ወይ ሳይነካ ይቅር፤ አሁን የትም የለም።

ቴስታታ

ልጁ አሁን ውሃ ልጨምር ማለቱ ጥያቄ ያስነሳል። ቴስታታው ተሠርቶ ከወጣ ለምን ይጎድላል? ሆን ብለህ ከሆነ በጣም ጥሩ ነው፤ ጋራዡ በደንብ አልላጨውም ወይም ቡሎኖቹን በተራና በልኩ አላጠበቃቸውም ማለት ነው፤ ስለዚህ ባለ ጋራዡ ገንዘብ ሊጠይቅ የመጣው ባልጨረሰው ሥራ ነው። ሳታስበው ከሆነ ግን «ልጨምርበት እንዴ» የሚለውን «እንደ ድሮው ውሃ አያስፈልገውማ?» አድርገው።

ብዕረ መንገድ

ሳላስበው ነው። ግን አሁን ካልከው በኋላ ልተወው ነው የማስበው።

ተራ ጠባቂ

ተወው። አንድ የማልስማማበት አለ። ጸሐፊው መኪናው ተራ ላይ ቆሞ መስታወት አይጽፍም፤ መኪናው በየደቂቃው ይጠጋል፣ ፊደሉ ይበላሻል። ወይ ከተራ ውጪ አቁመው፣ ወይ ጸሐፊው እየተነሳና እየተከተለ ይጻፍ።

አንባቢት

እየተከተለ ይጻፍ። ሽፈራው ሞተሩን ሲያስነሳ ‹በላይና› ብቻ ተጽፎ ይሂድ።

የውል ሰው

እንደዚያ ከሆነ ባለ ጋራዡ የሚያገኘው የተጻፈ ስም የበላይ ብቻ ነው፣ ሊብሬው ላይ ያለው ደግሞ የሽፈራው። ማንን ይከሳል የሚለው ላይ እኔም እርግጠኛ መልስ ከምሰጥህ ቀሪ ዕዳውን ስንት ብር እንዳደረግከው ንገረኝ፤ ትዕይንቱ ውስጥ የለም።

ብዕረ መንገድ

2,400 ብር። የመኪናው የሃያ ስድስት ቀን ትርፍ እንኳ አይደለም።

ተራ ጠባቂ

በተራው ስሌት ግን የ16 ቀን ገቢ ነው። ሽፈራው የሚቆጥረው በዚያ ነው።